ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ባክቴሪያ ነበሩ የሚያሰኘው ማስረጃ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ቀድሞ ራሳቸውን ችለው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ ብዬ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። ባክቴሪያ ከነበሩ ለምን ከህዋስ አውጥተን ማሳደግ አንችልም? አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ከሆነስ ለምን ማይቶኮንድሪያችንን አይጎዳም? መጽሐፉ ድርብ ሽፋንና ክብ ዲኤንኤ አላቸው ከማለት አያልፍም። ንድፈ ሐሳብ ስለሆነ ገና አልተረጋገጠም ብዬ ልለፈው?»

ምላሽ፦ አይለፉት። ማይቶኮንድሪያና ክሎሮፕላስት ከባክቴሪያ የመጡ መሆናቸው ዛሬ በዘርፉ ባለሙያዎች መካከል አያከራክርም፤ የሚያከራክረው እንዴትና መቼ እንደገቡ፣ የተቀበላቸውም ህዋስ ምን ዓይነት እንደነበረ ነው። ተማሪዎችዎ ያነሷቸው ጥያቄዎች ግን ተገቢ ናቸው፤ መጽሐፉ የመረጠው ማስረጃ ደካማ ስለሆነ ጥርጣሬው መነሣቱ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድሞ ጠንካራውን ማስረጃ ከደካማው መለየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድርብ ሽፋን ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ኒውክሊየስም ድርብ ሽፋን አለው፤ ሆኖም ኒውክሊየስ ባክቴሪያ ነበር ብለን አናስተምርም። የዲኤንኤው ክብ መሆንም እንዲሁ ነው፤ ክላሚዶሞናስ የተባለው አረንጓዴ አልጌ የማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ ሁለት ጫፍ ያለው ቀጥ ያለ ክር ነው። ሆኖም የዚህን አልጌ ማይቶኮንድሪያ የተለየ ምንጭ አለው የሚል የለም። ዋናው ድክመት ደግሞ እነዚህ ምልክቶች ተቀናቃኙን መላምት የማይጥሉ መሆናቸው ነው። አሜሪካዊቷ ባዮሎጂስት ሊን ማርጉሊስ በ1967 የባክቴሪያውን ሐሳብ እንደገና ስታነሣ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ማይቶኮንድሪያ የተሠራው እዚያው ህዋስ ውስጥ ነው ብለው ይከራከሩ ነበር፤ የህዋሱ ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ከራሱ ዲኤንኤ ቁራሽ ይዞ ተለየ የሚል ነበር ሐሳባቸው። ይህ መላምት ድርብ ሽፋኑንም የራስ ዲኤንኤ መኖሩንም ያስረዳል። ስለዚህ ሁለቱን መላምቶች ለመለየት የተለያየ ውጤት የሚተነብዩበትን ነጥብ መፈለግ ነበረባቸው።

ያ ነጥብ የጂን ዝምድና ነው። የኦርጋኔሉ፣ ማለትም የማይቶኮንድሪያው ወይም የክሎሮፕላስቱ፣ ዲኤንኤ ከኒውክሊየስ የተቆረሰ ከሆነ፣ ጂኖቹ ከሁሉ ይልቅ ለዚያው ህዋስ ኒውክሊየስ ጂኖች መቅረብ አለባቸው። ባክቴሪያ ከነበረ ደግሞ አብሮ ከሚኖረው ኒውክሊየስ ይልቅ፣ ውጭ በውኃና በአፈር ውስጥ ለሚኖር አንድ የታወቀ የባክቴሪያ ወገን መቅረብ አለበት። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምሩ ሊቃውንት የትኛው ቅጂ ከየትኛው እንደወረደ የሚለዩት በጋራ ግድፈት ነው፤ ሁለት ቅጂዎች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ስሕተት ካላቸው፣ አንዱ ጎንደር ሌላው ትግራይ ቢገኝም የወረዱት ከአንድ እናት መጽሐፍ ነው። በጂንም የሚደረገው ይኸው ሲሆን፣ ለዚህ የተመረጠው የራይቦዞም አርኤንኤ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮቲን የሚሠራ ህዋስ ሁሉ አለው፣ የሚለወጠውም በጣም ቀስ ብሎ ነው።

በ1975 በካናዳ ሃሊፋክስ ሊንዳ ቦነንና ፎርድ ዱሊትል ፖርፊሪዲየም የተባለውን ቀይ አልጌ ወስደው፣ ከአንዱ ህዋስ ሁለት ዓይነት የራይቦዞም አርኤንኤ ለዩ፤ አንዱ ከክሎሮፕላስቱ፣ ሌላው ከቀሪው የህዋስ ክፍል ነበር። በዚያ ዘመን ሙሉውን የፊደል ቅደም ተከተል በቀላሉ ማንበብ ስለማይቻል፣ አርኤንኤውን ጂ በተባለው ፊደል ላይ ሁሉ በሚቆርጥ ኢንዛይም ቆራርጠው ቁርጥራጮቹን አነጻጸሩ። የክሎሮፕላስቱ ቁርጥራጮች ከባክቴሪያ ጋር ሲመሳሰሉ፣ እዚያው ህዋስ ውስጥ አጠገቡ ካለው አርኤንኤ ጋር ግን አልተመሳሰሉም። በዚያው ዓመት የካርል ዎዝ ቡድን በኢሊኖይ ዩግሊና በተባለው ክሎሮፕላስት ያለው ባለ አንድ ህዋስ ፍጡር ላይ ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። የክሎሮፕላስት የቅርብ ዘመድ በብርሃን ምግቡን የሚሠራው ሳያኖባክቴሪያ መሆኑ በዚህ መንገድ ተለየ።

ማይቶኮንድሪያ ከዚህ ይልቅ አስቸግሯል። የእንስሳት ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ በጣም ፈጥኖ ስለሚለወጥ የጥንቱ ዝምድና ደብዝዟል። የእጽዋት ግን ዘገምተኛ ነው፤ ስለዚህ የዎዝ ቡድን በ1985 ለንጽጽር የተጠቀመው የስንዴን ማይቶኮንድሪያ ነበር። የስንዴው ማይቶኮንድሪያ ራይቦዞም አርኤንኤ አልፋፕሮቲዮባክቴሪያ ከሚባለው ወገን ጋር ተመደበ፤ ከስንዴው ኒውክሊየስ ጋር ግን አልተመደበም። ዝምድናው ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ የባክቴሪያው መላምት በዚያው ቀን ይወድቅ ነበር። ሊወድቅ የሚችልበትን ፈተና ያለፈ ሐሳብ ስለሆነ ነው እንደ ግምት ልናየው የማይገባን።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በ1998 የሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ ሙሉ ጂኖም ተነበበ፤ ይህ በቅማል የሚተላለፈውን፣ በደጋው ሕዝብ ዘንድ ተስቦ ተብሎ የሚታወቀውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ነው። እሱም የአልፋፕሮቲዮባክቴሪያ ወገን ሲሆን፣ ጂኖቹ ከማይቶኮንድሪያ ጋር ጉልህ መቀራረብ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ «ማይቶኮንድሪያ ከተስቦ ባክቴሪያ መጣ» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል። ይህ ልክ አይደለም። ሪኬትሲያ ዛሬ ያለ ፍጡር ስለሆነ አያት ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱም በህዋስ ውስጥ ኖረው ጂኖቻቸውን በየራሳቸው መንገድ የቀነሱ ናቸው። በ2018 የወጣ ሰፊ ትንታኔ እንዲያውም የማይቶኮንድሪያ የዘር ሐረግ የታወቁት አልፋፕሮቲዮባክቴሪያ እርስ በርስ ከመለያየታቸው በፊት የተገነጠለ መሆኑን አመልክቷል። ለተማሪ «የአልፋፕሮቲዮባክቴሪያ ዘመድ» ማለት በቂም ትክክልም ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው የተማሪዎችዎ ጥያቄ እንምጣ። ማይቶኮንድሪያን ከጉበት ህዋስ ለይቶ ማውጣት ቀላል የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ተገቢው ምግብ ከተሰጠው በብልቃጥ ውስጥ ለሰዓታት ኦክስጅን እየተጠቀመ ኤቲፒ ይሠራል። የሚያቅተው መራባት ነው። የሰው ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 16,569 ጥንድ ፊደላት ርዝመት አለው፤ በላዩ ያሉት 37 ጂኖች ሲሆኑ ፕሮቲን የሚያሠሩት 13ቱ ብቻ ናቸው። በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ግን ከ1,100 በላይ ናቸው። የቀሩት ሁሉ ትእዛዛቸው ያለው ኒውክሊየስ ውስጥ ነው፤ ውጭ ተሠርተው፣ መድረሻቸውን የሚጠቁም ምልክት ይዘው፣ በሽፋኖቹ ላይ ባሉ በሮች ይገባሉ። የራሱን ዲኤንኤ የሚገለብጥለት ኢንዛይም ሳይቀር የሚመጣለት ከውጭ ነው። ስለዚህ ብቻውን አውጥቶ ማሳደግ አይቻልም።

ተማሪው እዚህ ላይ «ጂኖቹ ወደ ኒውክሊየስ ሄዱ የምትለውን ማን አየ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አለ። በ2003 በአውስትራሊያ የአደሌይድ ተመራማሪዎች በትምባሆ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ውስጥ ካናማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለመቋቋም የሚያስችል ጂን አስገቡ፤ ጂኑን ያዘጋጁት ግን ኒውክሊየስ ውስጥ ሲገባ ብቻ እንዲሠራ አድርገው ነው። በትምባሆ ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት እንጂ ከአባት አበባ ብናኝ አይደለም። ስለዚህ የተዘጋጀውን ተክል ብናኝ ወስደው ሌሎች ትምባሆዎችን አዳቀሉ፤ የተገኙትንም ዘሮች ካናማይሲን ባለበት አበቀሏቸው። ጂኑ በክሎሮፕላስቱ ቢቀር ኖሮ በብናኙ በኩል የሚያልፍ ነገር ስለሌለ ቡቃያዎቹ ሁሉ መንጣት ነበረባቸው። ከ250,000 ገደማ ቡቃያ ግን 16ቱ አረንጓዴ ሆነው አደጉ። በእነዚህ ውስጥ ጂኑ ወደ ኒውክሊየስ ተሻግሮ ነበር፤ ይህም በ16,000 ብናኝ አንድ ጊዜ እንደማለት ነው። ሒደቱ ዛሬም በአንድ ማሳ ትምባሆ ውስጥ እየተካሄደ ነው ማለት ነው።

ፍሰቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በአንድ ህዋስ ውስጥ ክሎሮፕላስት ብዙ ነው፤ አንዱ ቢፈርስ ህዋሱ አይሞትም፣ የፈሰሰው ዲኤንኤም ወደ ኒውክሊየስ ሊገባ ይችላል። ኒውክሊየስ ግን አንድ ነው፤ እሱ ከፈረሰ ጂኑን የሚወርስ ህዋስ አይኖርም። እዚህ ላይ አንድ ገደብ መጠቀስ አለበት። የተሻገረ ጂን ወዲያው ሥራ አይጀምርም። በኒውክሊየስ የሚነበብበትን መነሻ፣ ፕሮቲኑም ወደ ኦርጋኔሉ የሚመለስበትን ምልክት እስኪያገኝ ድረስ ብዙውን ጊዜ ሥራ የሌለው ትርፍ ጽሑፍ ነው። በሰው ኒውክሊየስ ውስጥም ከማይቶኮንድሪያ የመጡ እንዲህ ያሉ ሥራ ፈት ቁራጮች በብዛት ይገኛሉ።

መንገዱ እኩል ላይ የደረሰ ፍጡርም አለ፤ ለእኔ በዚህ ርዕስ ውስጥ ከሁሉ የሚያስደንቀው እሱ ነው። ፓውሊኔላ ክሮማቶፎራ የተባለውን አንድ ህዋስ ያለው ፍጡር ሮበርት ላውተርቦርን በ1895 በጀርመን አገር ገልጾታል። ዘመዶቹ ባክቴሪያ እየበሉ ሲኖሩ፣ እሱ ግን መብላት ትቶ በውስጡ ባሉት፣ የቋሊማ ቅርጽ ባላቸው ሁለት ሰማያዊ አረንጓዴ አካላት ብርሃንን ይጠቀማል። እነዚህ አካላት የእጽዋት ክሎሮፕላስት ዘሮች አይደሉም፤ ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ለብቻው የገባ ሌላ ሳያኖባክቴሪያ ናቸው። ጂኖማቸው በ2008 ሲነበብ ፕሮቲን የሚያሠሩ 867 ጂኖች ተገኙ፤ ይህ ነጻ የሚኖሩት ዘመዶቻቸው ካላቸው ሲሶ ያህል ቢሆንም፣ በክሎሮፕላስት ላይ ከቀሩት መቶ ገደማ ጂኖች ግን ብዙ እጥፍ ነው። ለመኖር የግድ የሚያስፈልጉ አንዳንድ አሚኖ አሲዶችን የሚሠሩባቸው ጂኖች ጠፍተዋል፤ በአንጻሩ ከአስተናጋጁ ኒውክሊየስ የሚመጡ ፕሮቲኖችን ማስገባት ጀምረዋል። ሳያኖባክቴሪያ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም እሱንም አውጥቶ ማሳደግ አይቻልም። ስለዚህ ብቻውን መኖር አለመቻል ባክቴሪያ ላለመሆን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ መነሻው ላይ ስሕተት አለበት፤ አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ማይቶኮንድሪያን ይጎዳሉ። ፔኒሲሊን የማይጎዳው የሚያጠቃው የባክቴሪያን የህዋስ ግድግዳ ስለሆነና ማይቶኮንድሪያ ግድግዳውን ከጣለ ብዙ ዘመን ስላለፈው ነው። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ባልጠፋበት ቦታ ግን ጉዳቱ ይታያል፤ ፊስኮሚትሬላ የተባለው ሣር መሰል ሞስ የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒት ሲሰጠው ክሎሮፕላስቶቹ መከፋፈል ያቅታቸውና በህዋሱ ውስጥ ጥቂት ግዙፍ ክሎሮፕላስቶች ይቀራሉ። የባክቴሪያን ራይቦዞም የሚያጠቁ መድኃኒቶች ደግሞ ወደ ማይቶኮንድሪያም ይደርሳሉ። ክሎራምፌኒኮል በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ የአጥንት መቅኔን ሥራ የሚያዳክመው የማይቶኮንድሪያን ፕሮቲን ሥራ ስለሚያግድ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይህ ጉዳት ይድናል።

ከሁሉ ይልቅ በጥልቀት የተጠናው ምሳሌ የካናማይሲንና የጄንታማይሲን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በባክቴሪያ ራይቦዞም አርኤንኤ ላይ ባለች አንዲት ጠባብ ኪስ ውስጥ ይቀመጣሉ። የሰው ማይቶኮንድሪያም ያቺው ኪስ አለችው፤ ሆኖም በዘመናት ብዛት ቅርጿ በጥቂቱ ስለተለወጠ መድኃኒቱ አጥብቆ አይይዛትም። በአንዳንድ ቤተሰቦች ግን በማይቶኮንድሪያው ዲኤንኤ 1555ኛ ቦታ ላይ ኤ የነበረው ፊደል ጂ ሆኗል። በዚህ ጊዜ አዲሱ ጂ ፊት ለፊቱ ካለው ሲ ጋር ይጣመራል፤ ኪሷም የባክቴሪያን ቅርጽ መልሳ ትይዛለች። ይህን ለውጥ የተሸከመ ሰው በመደበኛው መጠን መርፌ እንኳ የመስማት ችሎታውን ለዘለቄታው ሊያጣ ይችላል። ለውጡ ከደንቆሮነቱ ጋር መያያዙ የታወቀው በ1993 ሲሆን፣ የሚወረሰውም ማይቶኮንድሪያ በሚወረስበት መንገድ፣ በእናት በኩል ብቻ ነው። የአንድ ፊደል ለውጥ የእኛን ራይቦዞም ወደ ባክቴሪያነት ይህን ያህል ሊያቀርበው የቻለው ቀድሞውኑ ከዚያው ስለመጣ ነው።

ይህን ሲያስተምሩ ሁለት ጥንቃቄዎች ይጨምሩ። እነዚህ መድኃኒቶች መጠናቸው ሲበዛ ለውጡ የሌለውንም ሰው ጆሮ ስለሚጎዱ፣ ጉዳት የደረሰበት ሁሉ ለውጡ አለው ማለት አይደለም። ተማሪ ደግሞ ይህን ሰምቶ ሐኪም ያዘዘለትን አንቲባዮቲክ እንዳይተው፤ በእናቱ ወገን ከመርፌ በኋላ መስማት ያቆመ ሰው ካለ ግን መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ወባ በሚታወቅበት አካባቢ የሚያስተምሩ ከሆነ ሌላ ቅርብ ምሳሌ አለልዎ። የወባ ጥገኛ ተውሳክ በውስጡ አፒኮፕላስት የሚባል፣ 35,000 ጥንድ ፊደላት ያህል ዲኤንኤ ያለው፣ ብርሃን መጠቀም የተወ የክሎሮፕላስት ቅሪት ይዟል። ዶክሲሳይክሊን የሚያጠቃው የዚህን ቅሪት ራይቦዞም ነው። መድኃኒቱ ያገኘው ተውሳክ ወዲያው አይሞትም፤ ተባዝቶ ልጆቹ አዲስ ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ከገቡ በኋላ ማደግ ያቅታቸዋል። ለታመመ ሰው ብቻውን የማይሰጠውም በዚህ መዘግየት ምክንያት ነው።

ያልተቋጩትን ነጥቦች ሳይሸፍኑ ማስተማርም ተገቢ ነው። ማይቶኮንድሪያን የተቀበለው ህዋስ ኒውክሊየስ ከሌላቸውና ከባክቴሪያ ከተለዩት አርኪያዎች መካከል አስጋርድ ከሚባለው ወገን እንደነበረ የሚያመለክቱ ማስረጃዎች ከ2015 ወዲህ በርትተዋል፤ ባክቴሪያውን ውጦት ነው ወይስ ለረጅም ጊዜ ተጣብቀው ኖረው ነው የሚለው ግን ገና ክርክር ላይ ነው። የመጽሐፉ ሥዕል የውጭውን ሽፋን የአስተናጋጁ የምግብ ከረጢት አድርጎ ካሳየ ያርሙት፤ በውጭው ሽፋን ላይ ያሉት የበርሜል ቅርጽ ያላቸው ፕሮቲኖች በባክቴሪያ የውጭ ሽፋን ላይ ካሉት ጋር ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ ባክቴሪያው ሲገባ ሁለቱም ሽፋኖች ነበሩት ማለት ነው። ማርጉሊስ የህዋስ ጅራፍም ከባክቴሪያ መጣ ብላ ነበር፤ ይህን የሚደግፍ ዲኤንኤም ሆነ የጂን ዝምድና አልተገኘም፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር አያስተምሩት።

የምመክርዎት የትምህርቱን ቅደም ተከተል እንዲገለብጡት ነው። የሁለቱን መላምቶች ትንቢት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ በስንዴውና በቀይ አልጌው ውጤት ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የትምባሆውን ሙከራና ፓውሊኔላን ያምጡ፤ ድርብ ሽፋንና ክብ ዲኤንኤ መጨረሻ ላይ እንደ ደጋፊ ምልክት ብቻ ይጠቀሱ። ኢንተርኔት ካለዎት ፈተናውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ሊያካሂዱት ይችላሉ። NC_001879 ብለው የትምባሆን ክሎሮፕላስት ጂኖም ያውጡ፤ ከእሱም rrn16 የተባለውን ጂን ቀድተው በNCBI BLAST ላይ blastn በሚለው ይለጥፉ፤ ማነጻጸሪያውን የባክቴሪያና የአርኪያ 16S ስብስብ ያድርጉት። ከዝርዝሩ አናት ላይ የሚሰለፉት ሳያኖባክቴሪያዎች ናቸው። በማይቶኮንድሪያ ለመድገም ከፈለጉ የስንዴውን rrn18 ይውሰዱ እንጂ በሰው አይሞክሩት፤ የሰው ፈጥኖ ስለተለወጠ ውጤቱ ደካማ ይሆናል ወይም ጭራሽ አይገኝም፣ ተማሪውም ዝምድና የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል።